«ብሬ ተቆረጠ» ካላችሁ በኋላ፦ ቅሬታው እስኪጣራ ጊዜያዊ ክሬዲት እንዴት ይጠየቃል?

(በድሬዳዋ ለነጋዴዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ። ናባድ። በዚህ ሙቀት የቀትር ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከአሸዋ፣ ከታይዋን፣ ከከፊራ የመጣችሁ አላችሁ። ከሐረር የወረዱም አያለሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሱቅ ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሚያስከፍል ስለሚታወቅ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ካርዳችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ስልካችሁ ድምፅ ያሰማል፤ ከፍታችሁ ስታነቡ ከሂሳባችሁ 5,000 ብር ወጥቷል ይላል። እናንተ ግን ኤቲኤም አጠገብ አልደረሳችሁም። ጠዋት ባንክ ትሄዳላችሁ፤ «ቅሬታ ጻፉና ይጣራል» ትባላላችሁ። ይጣራል እሺ፤ እስኪጣራ ድረስ ግን በምን ትነግዳላችሁ? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ቅሬታው የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ። ሁለተኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ። ሦስተኛ፣ ጊዜያዊ ክሬዲት። በሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹን ለትምህርት ብዬ ያበጀኋቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን በየቅርንጫፉ የሚታየው ነው። አንዲት እህታችን ድሬ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ካርድ ያለው ተንቀሳቃሽ ሂሳብ አላት፤ ውስጡ 41,300 ብር አለ። ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ማታ፣ ሐረር ውስጥ ባለ የሌላ ባንክ ኤቲኤም ላይ ሦስት ጊዜ 5,000፣ 5,000፣ 5,000 ብር ወጣ። በየአንዳንዱ ላይ የ25 ብር የአገልግሎት ክፍያ ተቆረጠ። ድምሩ 15,075 ብር። ቀሪዋ 26,225 ብር። እሷ በዚያ ሰዓት ድሬ፣ ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ ካርዱም ከእጇ አልወጣም። ለጨርቅ አስመጪው ደግሞ ለሚቀጥለው ሰኞ የተጻፈ የ35,000 ብር ቼክ ሰጥታለች። ይቺን የ35,000 ብር ቼክ አትርሱብኝ።

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ። መልእክቱን እንዳየች መጀመሪያ የምታደርገው ወደ ባንኩ የጥሪ ማዕከል ደውላ ካርዱን ማዘጋት ነው። የደወለችበትን ሰዓትና ያነጋገረቻትን ሠራተኛ ስም ትጽፋለች፤ የጉዳይ ቁጥር ካለ ትቀበላለች። ካርዱን ግን በመቀስ አትቁረጠው! ብዙ ሰው ተናዶ ይቆርጠዋል። ካርዱ ማስረጃ ነው፤ ገንዘቡ በወጣበት ሰዓት በእጇ እንደነበር ለማሳየት የምትይዘው እሱን ነው። ባንኩ ካርዱን ልረከብ ካለ ደግሞ የተረከበበትን ወረቀት ተፈርሞ ትቀበላለች።

ከዚያ ፎርም ይሰጧታል። ፎርሙ ላይ ምርጫዎች አሉ። አንዱ «ማሽኑ ገንዘብ ሳይሰጠኝ ከሂሳቤ ተቀነሰ» የሚል ነው። ሌላው «ግብይቱን እኔ አላደረግሁትም» የሚል ነው። እባካችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ! ሁለቱ ሁለት መንገድ ናቸው። የመጀመሪያውን ምልክት ካደረጋችሁ፣ የሚጣራው የማሽኑ ካዝና ነው። ማሽኑ ውስጥ የገባው ብር፣ የወጣው ብር፣ የቀረው ብር ይቆጠራል። ትርፍ ካልተገኘ «ማሽኑ ገንዘቡን ሰጥቷል፣ ሂሳቡ ልክ ነው» ተብሎ ቅሬታው ይዘጋል። እውነትም ማሽኑ ሰጥቷል፤ የሰጠው ግን ለሌባው ነው! ማን ወሰደ የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀው ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው። ፎርሙን የሚሞላላችሁ ወጣት ሠራተኛ ከልምድ የተነሳ የመጀመሪያውን ምልክት ሊያደርግ ይችላል፤ ምክንያቱም በየቀኑ የሚመጣው ቅሬታ አብዛኛው የዚያ ዓይነት ነው። አንብባችሁ ፈርሙ። ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ይሂድ።

ሁለተኛው ነጥብ ቀንና ሰዓት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ስንት ቅሬታ ግን እሷ ላይ ወድቋል! እኛ «ረቡዕ ጥቅምት 5 ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ» እንላለን። የባንኩ ስክሪን ደግሞ እንዲህ ይላል፦

```
15-OCT-2025 20:14  ATM WDL  5,000.00
15-OCT-2025 20:16  ATM WDL  5,000.00
16-OCT-2025 20:17  ATM WDL  5,000.00
```

የእኛ ማታ 2:14 የእነሱ 20:14 ነው፤ ስድስት ሰዓት ትጨምራላችሁ፣ ማታ ስለሆነ ደግሞ አሥራ ሁለት። «ከምሽቱ 2:14» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ፣ አጣሪው አዲስ አበባ ተቀምጦ 02:14ን ይፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት በዚያ ማሽን ምንም ግብይት የለም፤ «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል።

ሦስተኛዋን መስመር አያችኋት? ቀኗ 16 ነው። ገንዘቡ የወጣው ግን በዚያው ምሽት ነው፤ ከሁለተኛው በአንድ ደቂቃ ዘግይቶ። ስቴትመንት ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ግብይቱ በመዝገብ የተመዘገበበት ቀን ነው። የቀኑ ሥራ ከተዘጋ በኋላ የገባው በማግስቱ ቀን ይመዘገባል። ስለዚህ እህታችን «ሁለቱ ጥቅምት 5፣ አንዱ ጥቅምት 6» ብላ ከጻፈች ሦስተኛው በተሳሳተ ቀን ይፈለጋል። ትክክለኛው ሰዓት ያለው ስልኳ ላይ በመጣው አጭር መልእክት ውስጥ ነው። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ፎቶ አንሱና ስቴትመንቱ ላይ አያይዙ። በደብዳቤያችሁ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፦ «ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ በባንኩ መዝገብ 15-OCT-2025፣ 20:14»። ሪፈረንስ ቁጥር ካለም ለእያንዳንዱ መስመር ለየብቻው ይጻፍ። በሦስቱ ላይ የተቆረጠውን የ75 ብር ክፍያም አትርሱት፤ ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሳችሁም።

አሁን ደግሞ «ፒን በትክክል ገብቷል፤ ስለዚህ እርስዎ ነዎት ወይ ቤተሰብዎ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። የሚያናድድ መልስ ነው። ግን አትጩሁ፤ ጥያቄ ጠይቁ። ፒን በትክክል መግባቱ ፒኑን የሚያውቅ ሰው መኖሩን እንጂ ያ ሰው ማን እንደሆነ አይናገርም። የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ማሽኑ ካርዱን ያነበበው በቺፑ ነው ወይስ በጀርባው ባለው ጥቁር መስመር?» ይሄ በባንኮቹ መካከል በሚያልፈው መልእክት ውስጥ በቁጥር ይመዘገባል። በቺፕ ከሆነ 05 ይላል። በጥቁሩ መስመር ከሆነ 90 ይላል። ቺፑ እምቢ ብሎ ወደ መስመሩ ከተዞረ 80 ይላል። ጥቁሩ መስመር ይገለበጣል፤ ሌባ በማሽን አፍ ላይ በሚያደርገው ትንሽ መሣሪያ ቀድቶ ሌላ ፕላስቲክ ላይ መጻፍ ይችላል፤ ፒኑን ደግሞ በድብቅ ካሜራ ያያል። ቺፑ ግን እንደዚያ አይገለበጥም። ስለዚህ የእህታችን ካርድ ቺፕ ያለው ሆኖ መዝገቡ 90 ወይም 80 ካለ፣ «ካርዴ ተቀድቷል» ማለቷ ትልቅ ድጋፍ አገኘ። 05 ካለ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ነገሩ ይከብዳል። ራሱ ካርዱ ሐረር ደርሶ ተመልሷል የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ያኔ ወደ ቤት፣ ወደ ሱቅ ሠራተኛ ማየት ነው። ወይም በእጅ ያለው ካርድ በእርግጥ የራሷ መሆኑን፣ ቁጥሩ ከባንኩ መዝገብ ጋር መግጠሙን ማየት ነው፤ «ልርዳዎት» ብሎ ካርድ የሚቀያይር አለና።

ካሜራውስ? ካሜራው የማሽኑ ባለቤት የሆነው ባንክ ነው፤ የእናንተ ባንክ የለውም። በዚያ ላይ ምስሉ ለዘላለም አይቀመጥም፤ ማህደሩ ሲሞላ በላዩ ላይ ይቀዳበታል። ምስሉን ለእናንተ በእጃችሁ አይሰጧችሁም፤ ለፖሊስ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ አመልክታችሁ ማስረጃ ያዙ፤ በባንኩ ደብዳቤ ውስጥም «የማሽኑ ባለቤት ባንክ ምስሉንና የማሽኑን ጆርናል እንዲያቆይ በአስቸኳይ ይጻፍልኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትግባ። ጆርናል የምለው ማሽኑ እያንዳንዱን ግብይት የሚመዘግብበትን ማህደር ነው። ምስሉን ስጡኝ ሳይሆን አቆዩልኝ ማለት ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር በኋላ ወርቅ ናት።

ሦስተኛው ነጥብ። ጊዜያዊ ክሬዲት ምንድን ነው? ማጣራቱ ሳያልቅ ባንኩ የተቆረጠውን ገንዘብ ከራሱ አውጥቶ በሂሳባችሁ ላይ ለጊዜው ያስቀምጥላችኋል። ማጣራቱ ለእናንተ ከሆነ በዚያው ይቀራል። በእናንተ ላይ ከሆነ መልሶ ይወስደዋል። ቃሉን አስተውሉ፤ ስጦታ አይደለም፣ ፍርድም አይደለም።

እዚህ ከተማ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ዘመዶቻችሁ «እኛ ጋ እኮ በአሥር ቀን ይመልሱልናል» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነታቸውን ነው፤ ሙሉውን ግን አልነገሯችሁም። አሜሪካኖች በ1978 ያወጡት የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ አለ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ «ሬጉሌሽን ኢ» ይባላል። በእሱ መሠረት ባንኩ ቅሬታ ከደረሰው በኋላ 10 የሥራ ቀን አለው። በዚያ ካልጨረሰ ጊዜያዊ ክሬዲት ሰጥቶ በጠቅላላው እስከ 45 ቀን ማጣራት ይችላል፤ በአንዳንድ ጉዳይ እስከ 90 ቀን። ግን ደግሞ ባንኩ የቃል ቅሬታውን በጽሑፍ አረጋግጡ ብሎ ደንበኛው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ካልጻፈ፣ ባንኩ ጊዜያዊ ክሬዲት የመስጠት ግዴታ የለበትም። እነሱም ጋ ያልጻፈ ይቀራል ማለት ነው።

ይሄን የማወራው ቅርንጫፍ ሄዳችሁ «የ10 ቀን መብቴ ነው» ብላችሁ እንድትከራከሩ አይደለም። ያ የእነሱ አገር ሕግ ነው፤ እዚህ ድሬ፣ የከዚራ ሰፈር ቅርንጫፍ ላይ አይሠራም። እኛ ጋ ብሔራዊ ባንክ ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ ቁጥሩ ኤፍሲፒ/01/2020 የሆነው አለ፤ ቅሬታችሁን በሥርዓት እንዲቀበሉና እንዲመልሱ ለመጠየቅ እሱን ጥቀሱ። ጊዜያዊ ክሬዲቱን ግን እንደ ጥያቄ ጻፉት፣ እንደ ክስ አትጻፉት። ሥራ አስኪያጁ እሺ ለማለት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱን ሠርታችሁ ስጡት።

ባንኩ ለምን እንደሚፈራ ካወቃችሁ ጥያቄውን ማሳመር ትችላላችሁ። ገንዘቡን የከፈለው የሌላ ባንክ ማሽን ነው። የእናንተ ባንክ የባንኮችን ኤቲኤሞች እርስ በርስ በሚያገናኘው ድርጅት፣ በኢትስዊች በኩል ለዚያ ባንክ አስቀድሞ አወራርዷል። አሁን ከእነሱ መልስ እስኪመጣ ለእናንተ ከሰጠ፣ ከራሱ ኪስ ነው። ለዚህ ደግሞ ፊርማውን የሚያሳርፍ ሰው አለ። እናንተ ገንዘቡን አውጥታችሁ ሄዳችሁ ቅሬታው ውድቅ ቢሆን ያ ፈራሚ ይጠየቃል። ፍርሃቱ ይሄ ነው፤ ሌላ ተንኮል የለውም። ስለዚህ ፈራሚውን የሚጠብቅ ነገር በደብዳቤው ውስጥ እናስገባለን።

ወደ እህታችን ቼክ እንመለስ። ሰኞ የ35,000 ብር ቼክ ይቀርባል። በሂሳቧ 26,225 ብር አለ። የሚጎድለው 8,775 ብር ነው። ቼኩ ከተመለሰ ስንቅ የሌለው ቼክ ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እንደሚያስጠይቅ እዚህ ያላችሁ ነጋዴዎች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ታዲያ እህታችን ምን ትጠይቅ? «ገንዘቤን በሙሉ አሁኑኑ መልሱ» ብትል «ይጣራል» ይባላል፤ ንግግሩ እዚያ ያልቃል። ጥያቄዋ ሁለት ደረጃ ይኑረው። መጀመሪያ 15,075 ብሩን ትጠይቃለች። እሱ ካልተቻለ 8,775 ብሩን፣ ለዚያች ቼክ ብቻ፣ የቼኩን ቁጥር ጠቅሳ ትጠይቃለች። ሁለተኛው ጥያቄ እምቢ ለማለት በጣም ይከብዳል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሚሄድበት ይታወቃል፣ በጥሬ ገንዘብ አይወጣም፣ ቀኑም የተቆረጠ ነው።

ደብዳቤዋን ላንብብላችሁ፦

«ጉዳዩ፦ ያልፈቀድኩት የኤቲኤም ወጪ እንዲጣራና ጊዜያዊ ክሬዲት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።

ከላይ በተጠቀሰው ሂሳቤ ላይ ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ በባንኩ አቆጣጠር 15-OCT-2025፣ ከ20:14 እስከ 20:17 ባለው ጊዜ ሐረር በሚገኝ የሌላ ባንክ ኤቲኤም ሦስት ጊዜ 5,000 ብር ወጪ ተደርጓል። ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 15,075 ብር ነው። ግብይቶቹን እኔ አላደረግኋቸውም፣ እንዲደረጉም አልፈቀድኩም። ካርዱ በእጄ ነበር፤ አሁንም አለ። በዚያው ምሽት ለጥሪ ማዕከሉ ደውዬ አዘግቼዋለሁ። በእነዚያ ደቂቃዎች ድሬዳዋ ሱቄ ውስጥ በፒኦኤስ ማሽን የሸጥኩበት ደረሰኝ ተያይዟል።

ማሽኑ ካርዱን በቺፕ ወይስ በማግኔት መስመር እንዳነበበው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ የማሽኑ ባለቤት ባንክም ምስሉንና ጆርናሉን እንዲያቆይ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 10 ቀን የሚቀርብ የ35,000 ብር ቼክ ስላለብኝ፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ 15,075 ብር በጊዜያዊ ክሬዲት እንዲሰጠኝ፣ ይህ ካልተቻለ ለዚሁ ቼክ ብቻ የሚውል 8,775 ብር እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። ማጣራቱ በእኔ ላይ ከሆነ ባንኩ የሰጠኝን ጊዜያዊ ክሬዲት ከሂሳቤ መልሶ እንዲቀንስ ፈቅጃለሁ፤ ከመቀነሱ በፊት ግን የ5 የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ይሄው ነው። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ስድብ የለውም፣ «የባንኩ ሠራተኞች ተባብረው» የሚል ግምት የለውም። ግምት የጻፈ ሰው ግምቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ እናንተ ደግሞ ገንዘባችሁን ነው የምትፈልጉት። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማህተም ተመቶበት በእጃችሁ ይቅር። ማህተም የሌለበት ቅጂ ካለመጻፍ አይሻልም።

የ5 ቀን ማስታወቂያዋን አይታችኋል? አንዳንዱ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ይላል። ጊዜያዊ ክሬዲት የሚጎዳው የሚመለስ ቀን ነው። ለሁለት ወር ገንዘቡ አለ ብላችሁ ትነግዳላችሁ፤ ሌላ ቼክ ትጽፋላችሁ። አንድ ጠዋት ባንኩ «ማጣራቱ አልቋል» ብሎ ይቀንሰዋል፤ ያ ሌላው ቼክ ይመለሳል። ከመጀመሪያው የባሰ ችግር! አሜሪካኖቹም ይሄን አይተውታል፤ ደንባቸው ባንኩ ሲመልስ ቀኑንና መጠኑን እንዲያሳውቅ፣ ከማሳወቂያው በኋላም ለ5 የሥራ ቀን ቼኮቹን እንዲያከብር ያዝዛል። እኛ ያንን በሕግ ሳይሆን በደብዳቤ እንጠይቃለን። ባንኩ እሺ ባይል እንኳ፣ እናንተ ያንን ገንዘብ እስከ መጨረሻው እንደ ብድር ቁጠሩት። ለእህታችን ምክሬ፣ 15,075 ብሩ ሙሉ ቢሰጣትም ቼኳ ሲከፈል የሚተርፋትን 6,300 ብር ሳትነካ እንድታቆየው ነው።

ከፊት የተቀመጡት አባታችን እጃቸውን አንሥተዋል። «አቦ፣ ሥራ አስኪያጁ ጊዜያዊ ክሬዲት የሚባል ነገር አናውቅም ቢለኝስ?» ነው የሚሉት። ጥሩ ጥያቄ ነው። አባቴ፣ ቅርንጫፉ ራሱ የመስጠት ሥልጣን ላይኖረው ይችላል፤ ወደ ዲስትሪክቱ ወይም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ካርድ ክፍል ይልካል። ስለዚህ «አይቻልም» ሲልዎት «እሺ፣ አይቻልም የሚለውን በደብዳቤዬ ላይ ጽፈው ይፈርሙልኝ፣ ወይም ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፉልኝ» ይበሉት። በቃል አይቻልም የሚል ብዙ ነው፤ ጽፎ የሚፈርም ግን ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ይልከዋል። ሳይመለስልዎት ከዘገየ፣ ወይም መልሱ ካላጠገበዎት፣ ያንን ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዘው ወደ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ነው። መጀመሪያ ባንኩ ጋ ሳይጨርሱ ወደዚያ መሄድ ግን አያዋጣም፤ «ባንክዎ ምን አለ?» ተብለው ይመለሳሉ።

ቼኩ የሚቀርብበት ቀን እየቀረበ መልስ ካልመጣስ? ጊዜያዊ ክሬዲቱን ብቻ ተስፋ አድርጋችሁ አትቀመጡ። አስመጪው ጋ በግንባር ሂዱና ማህተም ያለበትን ቅሬታ አሳዩት፤ ቼኩን በሁለት ሦስት ቀን ያዘግየው፣ ወይም 8,775 ብሩን ከዘመድ ተበድራችሁ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡ። ድሬ ላይ ይሄን ያህል ብር ለአንድ ሳምንት የሚያበድር ጎረቤት አይጠፋም። ቅሬታው ግን በዚያ ምክንያት አይቋረጥም።

የመጨረሻው፣ የማጣራቱ መልስ ሲመጣ በቃል አትቀበሉት። መልሱ ለእናንተ ከሆነ «ጊዜያዊው ክሬዲት ቋሚ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ያዙ፤ 8,775 ብቻ ተሰጥቷችሁ ከነበረ ቀሪው 6,300 ብር መግባቱን ስቴትመንት አስወጥታችሁ እዩ፤ 75 ብሩ ውስጡ መኖሩን ቁጠሩ። በእናንተ ላይ ከሆነ ደግሞ በምን ማስረጃ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቺፕ ነው ወይስ መስመር ለሚለው ጥያቄ መልስ ያልያዘ ደብዳቤ ገና አላለቀም።

ለጊዜው ይሄን ነው የምለው። የደብዳቤው ናሙና በር ላይ አለ፤ ፎቶ አንሡት። አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ፤ ከሐረር የመጣችሁት መኪና እንዳያመልጣችሁ ከእናንተ እንጀምር።